«የት ደረሰ?» እያለ ፋታ የማይሰጥ አለቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ አንድ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «የት ደረሰ?» ቫውቸሩ የት ደረሰ? ቼኩ የት ደረሰ? ደብዳቤው የት ደረሰ? አንድ ማክሰኞ ብቆጥር 19 ጊዜ ሆነ። አንዳንዱን በስልክ፣ አንዳንዱን በቴሌግራም፣ የቀረውን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው።

በዚያ ጊዜ የተማርኩትን ለጓደኞቼ ስነግር ቆይቻለሁ። ጥያቄያቸው ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ምሳሌዎቹ ከሒሳብ ሥራ ናቸው፤ የማውቀው እሱን ነውና።

ከልክ በላይ እየተቆጣጠረኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ቶሎ የምከፋው?

አለቃችሁ የሚጠይቀው ስለ ውጤቱ ነው ወይስ ስለ እያንዳንዱ እርምጃ? መጀመሪያ ይህን ለዩ። «የጥቅምት ሒሳብ መቼ ይዘጋል?» የሚል አለቃ ሥራውን እየሠራ ነው። «አሁን የትኛውን ፋይል ከፍተሻል? ኢሜይሉን ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ፤ ለምን በዚህ ፎንት ጻፍሽው?» የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብ ባለበት ቦታ ግን አንዳንዱ ቁጥጥር ግዴታ ነው። ቼክ ላይ ሁለት ሰው መፈረሙ፣ አንዱ ያዘጋጀውን ቫውቸር ሌላው ማጽደቁ፣ ለትንንሽ ወጪ የሚቀመጠው ፔቲ ካሽ ሳይታሰብ መቆጠሩ ማንንም አለማመን አይደለም። ሠራተኛውንም ከሐሜት ያድነዋል። አዲስ ገቢ ከሆናችሁም ታገሡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ በቅርብ መታየት ያለ ነው። ሙከራው አልፎ፣ ስሕተትም ሳይገኝ፣ ጥያቄው ከቀነሰ ይልቅ ከጨመረ ግን ስሜታችሁ አልዋሸም።

ለምን እንዲህ ያደርጋል?

እኔም ለረጅም ጊዜ «ስለሚንቁኝ ነው» ብዬ ሆዴ ብሶ ኖሬያለሁ። አሳቤን የለወጠው አንድ ተራ ደብተር ነው። ለአምስት የሥራ ቀን በተጠየቅሁ ቁጥር ሰዓቱንና የጥያቄውን ርእስ ብቻ ጻፍኩ። ምሬት የለም፣ አስተያየት የለም። «3፡40፣ ባንክ።» «4፡05፣ ኮንቴይነር።» እንዲህ ብቻ።

ዓርብ ማታ ስደምረው 74 ጥያቄ ሆነ። ከእነዚህ 51ዱ ስለ ሁለት ነገር ነበሩ፦ ባንክ ውስጥ ስላለው ብርና ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ስለቆመ ዕቃ። ስለ ፔይሮል አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ቢንቁኝማ ኖሮ የ60 ሰው ደመወዝ ለእኔ ጥለው አይሄዱም ነበር።

በኋላ አንድ ነባር ባልደረባ ነገሩን አብራራልኝ። ከእኔ በፊት አንድ የጉምሩክ ሰነድ ማንም ሳያየው ጠረጴዛ ላይ ከርሞ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ቆሞ፣ የማከማቻ ክፍያው በየቀኑ ሲቆጥር ነበር። ባለቤቶቹ ፊት ቀርበው የተወቀሱት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ያሳደረባቸው ፍርሃት ነው በእኔ ስልክ ላይ የሚጮኸው።

ሁሉም አለቃ እንዲህ ነው አልልም። አንዳንዱ ከእናንተ ወንበር ላይ ያደገ ነው፤ ሥራውን ስለሚወደው መልቀቅ ያቅተዋል። አንዳንዱን የራሱ አለቃ በየሰዓቱ ይጠይቀዋል፤ የተጠየቀውን ነው ወደ ታች የሚወረውረው። የአምስት ቀኑ ደብተር ግን የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። ጥያቄው ሁሉ አንድ ቦታ ከተከመረ ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው።

ሳይጠይቀኝ ቀድሜ ምን ልላክለት?

እኔን ከሁሉም በላይ የረዳኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው መልእክት መላክ ጀመርኩ። ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት። ዝም ብዬ ግን አልጀመርኩም፤ አስፈቅጄ ነው። «ሁለት ሳምንት እንሞክረው፤ ካልጠቀመዎት እተወዋለሁ» አልኳቸው። «እሺ፣ እናያለን» አሉ። አንድ ጠዋት የላክሁት እንደሚከተለው ነበር፤ ሪኮንሲሌሽን የባንኩን ዝርዝር ከእኛ መዝገብ ጋር ማስተያየት፣ ትራንዚተር ደግሞ የጉምሩክ ሥራ የሚያስፈጽም ሰው ነው፦

«እንደምን አደሩ።
ያለቀ፦ የትናንትናዎቹ 6 ቫውቸሮች ተመዝግበዋል።
በእጄ ያለ፦ የጥቅምት ባንክ ሪኮንሲሌሽን። ከሦስቱ ባንኮች የሁለቱ አልቋል። ሦስተኛውን ዛሬ 9 ሰዓት እጨርሳለሁ።
የቆመ፦ የሞጆው ኮንቴይነር። ትራንዚተሩ ዋናውን ኢንቮይስ እየጠበቀ ነው። 5 ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ።
ከእርስዎ የምፈልገው፦ የአቅራቢው ቼክ ላይ ፊርማ፣ ከ6 ሰዓት በፊት።
ቀጣይ መልእክቴ፦ 10 ሰዓት።»

ብዙ ሰው የመጨረሻዋን መስመር ይዘላታል። ለእኔ ግን ዋናዋ እሷ ናት። የሚጨነቅ ሰው የሚጠይቀው መልሱ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። 10 ሰዓት ላይ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ከሆነ 8 ሰዓት ላይ ያነሳውን ስልክ መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

«የቆመ» የሚለው መስመርም ቀላል አይደለም። መጥፎ ዜና ከእናንተ አፍ ቀድሞ ከወጣ አለቃው መፈለጉን ይቀንሳል። አንዴ ከሌላ ሰው ከሰማው ግን የሁለት ወር ድካም በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ የቆመ ነገር ከሌለ «የቆመ የለም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ መስመሩን አታጥፉት።

የማይሠሩ መልእክቶችንም ሞክሬያለሁ። «እየሠራሁት ነው» ምንም አይነግርም፤ ሌላ ጥያቄ ይጠራል። «80% አልቋል» ከዚያ ይብሳል፤ ነገ «ትናንትም 80 ብለሻል» ያስብላል። በሚቆጠር ነገር ተናገሩ፦ ከሦስት ባንክ ሁለት፣ ከ40 ደረሰኝ 31።

እንዲህ ካለመድኩት የባሰ አይጠይቀኝም?

ይህን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት በእርግጥ ምንም የቀነሰ ነገር አልነበረም። እንዲያውም 10 ሰዓት ሳይሆን «የት ደረሰ?» ብለው ሲደውሉ ልቤ ዝቅ ይል ነበር። አሁን ሳስበው መልእክቱ በእርግጥ እንደሚመጣ እየፈተኑ ነበር።

የለወጠው ሰዓት ማክበሬ ነው። በጥያቄው መሐል ሙሉ ሪፖርት መስጠት አቆምኩ። «10 ሰዓት ላይ ከሙሉው ጋር እልክልዎታለሁ፤ አሁን የሚያስቸኩል ነገር ካለ ግን ይንገሩኝ» እላለሁ። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ፣ 10፡15 ሳይሆን፣ እልካለሁ። በአራተኛው ሳምንት እንደገና ስቆጥር በቀን ወደ አምስት ጥያቄ ወርዷል። ያኔ ነው የጠዋቱንና የከሰዓቱን ወደ አንድ ለማጠፍ የጠየቅሁት። ቶሎ ብጠይቅ ኖሮ እምቢ ይሉኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በየጥያቄው ወዲያው መመለስ ግን በእርግጥ ያስለምዳል። በ30 ሴኮንድ መልስ ያገኘ ሰው ቀጣዩን በ30 ደቂቃ ይጠይቃል።

ሥራው ውስጥ ስገባ ይደውላል። ከዚያ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ድክመት አይደለም። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ያልጨረሰውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር አሳቡ በከፊል ቀድሞ የነበረበት ላይ እንደሚቀርና አዲሱን ሥራ እንደሚያበላሽበት አሳይተዋል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባንክ ሪኮንሲሌሽን ላይ ነኝ። የባንኩ ስቴትመንት በግራ፣ የእኛ መዝገብ ሌጀሩ በቀኝ። ሦስት ጊዜ ተደወለልኝ። በመጨረሻ ስደምር የ180 ብር ልዩነት መጣ። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ሁለት አሃዞች ቦታ መቀያየራቸውን ጠርጥር። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ነው። ፈለግሁ፤ 12,640 መሆን የነበረበትን 12,460 ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሰዓቱን አስታውሼ ስልኬን አየሁ፤ ልክ የሁለተኛው ጥሪ ሰዓት ነበር።

የሚያሳዝነው ግን ከማረሜ በፊት ስሕተቱን እሳቸው አዩት። በማግሥቱ ቁጥጥሩ ጨመረ። ጥሪው ስሕተት ይወልዳል፤ ስሕተቱ ሌላ ጥሪ ይወልዳል። አዙሪቱን ካላያችሁት ራሳችሁን «ሰነፍ ነኝ» ብላችሁ ትከሳላችሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ከማንሣቴ በፊት አምስት ሴኮንድ ወስጄ የቆምኩበትን ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ «ገጽ 3፣ መስመር 41፣ 12,640 ገና።» ስመለስ ከመስመር 41 እቀጥላለሁ እንጂ «የት ነበርኩ?» አልልም። ሁለተኛ፣ ቁጥር የሚያስተያይ ሥራ ጠዋት ከመልእክቱ በኋላ ባለው ሰዓት አደረግሁት፤ እሳቸው በዚያ ሰዓት የሚፈልጉትን አግኝተዋልና ጸጥ ይላሉ።

ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኔን ሲያይ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ለዚህ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው ትንፋሽ ነው። ወደ ውስጥ ከምትስቡት በላይ ወደ ውጭ የምታወጡትን አስረዝሙ፤ ሦስት አራት ጊዜ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ማንም ሳያይባችሁ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው የቆመውን ሰው ሥራ መስጠት ነው። አንድ ቀን እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ሳለ «እርስዎ ከስቴትመንቱ ያንብቡልኝ፤ እኔ ሌጀሩ ላይ ምልክት ላድርግ» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለት ገጽ አነበቡልኝ። አንዱ እያነበበ ሌላው ማመሳከር በሒሳብ ሥራ የታወቀ አሠራር ስለሆነ ድፍረት አልመሰላቸውም። ለእኔም ከኋላ የሚያየኝ ተመልካች መሆናቸው ቀርቶ አብረውኝ የሚሠሩ ሰው ሆኑ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «በይ ቀጥዪ» ብለው ተነሡ። ያን ቀን ተመልሰው አልመጡም።

ሥራችሁ ሌላ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ «የመጀመሪያውን አንቀጽ ይዩልኝ፤ አቅጣጫው ልክ ከሆነ የቀረውን እጨርሳለሁ» በሉ። እሱ የሚያይበትን ቦታ እናንተ ትመርጣላችሁ ማለት ነው።

ማታና እሁድ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። መመለስ አለብኝ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው በሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው። የሥራ መሪዎችን አዋጁ አይሸፍንም፤ የመንግሥት ሠራተኞችም የራሳቸው ሕግ አላቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን «የት ደረሰ?» ለሚል የማታ መልእክት አዋጅ ጠቅሶ መመለስ ቤት አይሠራም። የሠራልኝ ይህ ነው። ከመውጣቴ በፊት 11፡20 ላይ አጭር መልእክት እተዋለሁ፦ «ዛሬ የቀረ ይህ ነው፣ ነገ 3 ሰዓት አሳውቃለሁ።» ቀደም ብዬም ተስማምተናል፦ የእውነት አስቸኳይ ከሆነ ይደውላሉ፤ የጻፉት ከሆነ ለጠዋት ነው። ይህን ስንስማማ «መልእክት ቢያመልጠኝ እንዳይጎዳዎት ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ሰው ተኝቶ መልእክት ያመልጠዋል። ከዚያ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የደወሉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ በእርግጥ አስቸኳይ ነበር።

በግልጽ ልንገረው? እንዴት?

ተናገሩ፤ ግን ቦታና ሰዓት መርጣችሁ። ሰው ፊት አይሆንም። በተቆጣበት ቀንም አይሆንም። እኔ የመረጥኩት የወሩ ሒሳብ በሰላም የተዘጋበትን ማግሥት ነው።

«አያምኑኝም» የሚለውን ቃል አውጡት። እውነት ቢሆንም እንኳ ሰውየው ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ወሬው ከሥራ ወጥቶ ስለ ማንነት ይሆናል። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የእኛ ንግግር እንዲህ ነበር፦

«ጋሼ፣ ሳስተውለው ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ባንክና ስለ ኮንቴይነር ነው። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ማወቅ የሚፈልጉትን በሙሉ ይንገሩኝና በመልእክቱ ላስገባው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ብሩ ሳላውቅ እንዳያልቅ፣ ዕቃውም ሳላውቅ እንዳይቆም ነው የምፈራው» አሉ።

«እንግዲያውስ የሦስቱንም ባንክ ቀሪ ሒሳብ በየጠዋቱ እጽፍልዎታለሁ። ኮንቴይነር አንድ ቀን ከቆመ ደግሞ ሰዓት ሳልጠብቅ እደውላለሁ። ሌላውን ለእኔ ይተዉልኝ?»

«ሌላውን ተይው እንግዲህ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ የደብዳቤ ፎንት አሁንም ያርሙ ነበር። እሱን ተውኩት። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ለእሱ ብዬ ሌላ ንግግር አልከፍትም።

አማላጅ መላክ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። አለቃው የሚሰማው ነባር ሰው ካለ ምክር መጠየቅ ጥሩ ነው። መልእክተኛ ማድረግ ግን ያሰጋል። ቢሮ ውስጥ ወሬ ሲዞር ቅርጹን ይለውጣል፤ እሱ ጋ የሚደርሰው «እየታማህ ነው» ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ጤናዬን ይነካል?

ሊነካ ይችላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ጥናት ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ሥራው በዝቶ በአሠራሩ ላይ የመወሰን መብት ሲጠፋ ነው ጫናው የሚከብደው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረውና ከ10,000 በላይ የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት የተከታተለው ሁለተኛው የዋይትሆል ጥናትም፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድል ያነሳቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አግኝቷል።

ለዚህ ነው ትንሽም ብትሆን በእጃችሁ ያለች ውሳኔ እንዳትለቁ የምለው። እኔ የሥራውን ቅደም ተከተል ራሴ እመርጥ ነበር። ምን እንደምሠራ እሳቸው ይወስናሉ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ግን እኔ። እንቅልፍ ከሳምንታት በላይ ከተቋረጠ፣ እሁድ ማታ ደረት ከተጨነቀ፣ ስልክ ሳይጮኽ የጮኸ ከመሰላችሁ ሐኪም አነጋግሩ።

ሁሉንም ሞክሬ ባይለወጥስ?

ሁለት ወር ስጡት። በሁለት ወር ቋሚ መልእክት ጥያቄው ቅንጣት ካልቀነሰ ምክንያቱ ፍርሃት ላይሆን ይችላል። ምልክቶቹን እዩ፦ ከክፍሉ ሰው ሁሉ እናንተን ብቻ ነው? ትእዛዝ በቃል ሰጥቶ በኋላ «አላልኩም» ይላል? ስድብ አለበት? ከሆነ ሊያስወጣችሁ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ያኔ መልእክቱን ቀጥሉ፤ ዓላማው ግን ይለወጣል። የቃል ትእዛዝ በመጣ ቁጥር «በነገሩኝ መሠረት ክፍያውን ወደ ሰኞ አዛውሬዋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ማስረጃ ነው።

ለመልቀቅ ከወሰናችሁ ተናዳችሁ በዚያው ቀን አትውጡ። ሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት፤ ተጣልታችሁም ቢሆን። በሒሳብ ሥራ ደግሞ ርክክቡን በጽሑፍ አድርጉት፦ የቼክ ደብተሮቹ ቁጥር፣ የፔቲ ካሽ ቀሪ፣ ያልተዘጉ ሰነዶች ዝርዝር፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።

እኔም በአራተኛው ዓመት ለቅቄያለሁ፤ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ። በርክክቡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በእኔ ቦታ ለተተካው ልጅ ፋይሎቹን ካሳዩት በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ያንን የ3 ሰዓቱን መልእክት አሳዪው» አሉኝ።